ረጅሙን መርጬ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ መሠረታዊ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ሙቀቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ተማሪው ከኔ ይልቅ ቬንቲሌተሩን ነው የሚከታተለው። ስለዚህ ገለጻውን በቪዲዮ ቀርጬ በቴሌግራም ልልክላቸው፣ የጠዋቱን ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለተግባር ላውለው ወሰንኩ። ቪዲዮውን አይተው መምጣታቸውን ለማረጋገጥ ከሥሩ አሥር የምርጫ ጥያቄ ያለው ኩዊዝ አያያዝኩ።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ስለ ሲሪስና ፓራለል፣ ማለትም አምፖሎችን በአንድ መስመር አከታትሎ ወይም ጎን ለጎን በየራሳቸው መስመር ስለማያያዝ ነበር፣ 14 ደቂቃ። ከ41 ተማሪ 38ቱ ኩዊዙን ሠሩ። አማካዩ ከአሥር ዘጠኝ ሆነ። አቦ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰኞ ጠዋት አንዲት ቃል ሳልደግም ቀጥታ አምፖልና ሽቦ አደልኩ።

ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎችን በሲሪስ እንዲያያይዙ ነገርኳቸውና ማብሪያውን ሳይጫኑ ጠየቅኳቸው፦ «የትኛው ይደምቃል?»

«የመጀመሪያው!» አለ ከፊት ያለው። ክፍሉ ግማሹ ተስማማ።

«ለምን?»

«ቲቸር፣ ከረንቱ መጀመሪያ እሱ ጋ ነው የሚደርሰው። ለሁለተኛው የተረፈው ነው የሚሄደው።»

ኩዊዙ ላይ «በሲሪስ ሰርኪዩት ከረንት በሁሉም ቦታ እኩል ነው» የሚል መልስ ነበረ። ይኼው ልጅ በትክክል መልሶታል። ቤት ገብቼ አረጋግጫለሁ።

ማታ ታናሽ እህቴ እራት ልትበላ መጣች። የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ያላት ዝምድና ቆጣሪ ካርድ መሙላት ብቻ ነው። ቪዲዮውን ሳላሳያት ኩዊዙን ሰጠኋት። ከአሥር ሰባት አገኘች።

«እንዴት አወቅሽው?»

«ረጅሙን መርጬ ነዋ። ‹ሁሉም መልስ ናቸው› የሚል ካለ ደግሞ እሱን።»

ጥያቄዎቼን እንደገና ሳያቸው እውነቷን ነው። ትክክለኛውን መልስ ስጽፍ ስህተት እንዳይገኝበት እያብራራሁ አስረዝመዋለሁ። የተሳሳቱትን ግን ቦታ ለመሙላት ያህል በሁለት ቃል እገላገላቸዋለሁ። በዚያ ላይ ጥያቄዎቹ የቪዲዮውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል የያዙ ናቸው። ቪዲዮውን የከፈተ ልጅ ሳይገባውም ቃሉን ሰምቶ ይመልሳል። ያልከፈተው ደግሞ መልሱን ከክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ያገኛል፤ ይኼን የነገረኝ ራሱ የክፍሉ አለቃ ነው። ዘጠኝ ከአሥሩ እንግዲህ እንዲህ የመጣ ነበር።

አሥሩን ጥያቄ ጥዬ ሦስት ብቻ ጻፍኩ። ከትክክለኛው መልስ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰዱብኝ የተሳሳቱት ምርጫዎች ናቸው። አንዷ ይቺ ናት፦

«ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች በሲሪስ ከባትሪ ጋር ተያይዘዋል። የትኛው ይደምቃል? ሀ) ለፖዘቲቩ የቀረበው። ለ) ለኔጋቲቩ የቀረበው። ሐ) እኩል ናቸው። ምክንያትህን በአንድ መስመር ጻፍ።»

ሀን የመረጠ ልጅ አምፖል ከረንትን ይበላል ብሎ ያስባል። ለን የመረጠውም እንደዚያው ያስባል፤ ግን ኤሌክትሮኖች ከኔጋቲቩ እንደሚነሡ ያውቃል፣ ስለዚህ ቅድሚያውን ለዚያኛው አምፖል ይሰጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የሚያስፈልጋቸው ማብራሪያ ግን አንድ አይደለም። ምርጫዎቹ በርዝመት እኩል ናቸው፤ እህቴ ብትሞክራቸው ከመገመት በቀር የምትይዘው የለም። ከቪዲዮው ዐረፍተ ነገር ተቀድቶ የሚለጠፍ መልስም የለም።

ነጥቡንም ቀየርኩት። ማርክ የሚያዘው ኩዊዙን ለሠራና ምክንያቱን ለጻፈ ሁሉ ነው፤ ልክ ቢሆንም ባይሆንም። ልክ ለሆነ ብቻ ማርክ ስሰጥ ልጆቹ ልክ የሆነውን መልስ ይልኩልኛል፣ እኔ ግን የምፈልገው እነሱ የሚያስቡትን ነው። ኩዊዙ የሚዘጋው ማታ ሁለት ሰዓት ነው። ክፍሉ የሚጀምረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ስለሆነ መልሶቻቸውን አንብቤ ለማሰብ በቂ ሌሊት አለኝ።

የመጀመሪያው ማታ 36 ልጆች መለሱ። 19ኙ ሀ፣ 6ቱ ለ፣ 11ዱ ሐ። ከዘጠኝ ነጥቡ በኋላ ይኼን ማየት ያማል። ግን ጠዋት ምን ይዤ እንደምገባ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅኩ፦ ሁለት አምሜትር። አንዱን ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ ሌላውን ከሁለተኛው አምፖል በኋላ አገባሁት። ከማብራቴ በፊት መልሳቸው ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር የማይገጥም ሁሉ እንዲከራከሩ አደረግኩ። ጩኸቱ ከጎረቤት ክፍል አስተማሪ አስወጣ። ሳበራው ሁለቱም አምሜትር አንድ ቁጥር አነበበ። «ታዲያ አምፖሉ የሚበላው ምንድን ነው?» ብላ አንዷ ጠየቀች። ስለ ኢነርጂ የማስተምርበትን መንገድ እሷ ከፈተችልኝ።

ክርክር ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ትክክለኛውን የያዙት ጥቂት ሲሆኑ የሚያስረዳ ይጠፋል፤ አብዛኛው ሲያውቅ ደግሞ ጊዜ ማባከን ነው። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በዚህ ዓይነት ማስተማር የታወቀ ነው። እሱና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን እርስ በርስ ማወያየት የሚመክሩት በትክክል የመለሱት ከመቶ 30 እስከ 70 አካባቢ ሲሆኑ ነው። የኔዎቹ 11 ከ36 ነበሩ፣ ለጥቂት ነው ያለፍኩት። አምሜትሩ ባይኖር ኖሮ ያ ጩኸት የትም አያደርሰንም ነበር።

የሚቀጥለው ሳምንት ግን ያረመኝ ተማሪ ነው።

ጥያቄው ስለ ፓራለል ነበር። «አንድ አምፖል በባትሪ እየበራ ነው። ሌላ ተመሳሳይ አምፖል በፓራለል ቢጨመር የመጀመሪያው ምን ይሆናል? ሀ) ይደክማል። ለ) አይለወጥም። ሐ) ይበልጥ ይደምቃል።» ሀ የታሰበው ባትሪ የማይለወጥ ከረንት ያመነጫል፣ አምፖሎቹም ይካፈሉታል ለሚሉት ነው። የኔ መልስ ለ ነው፤ እያንዳንዱ አምፖል ሙሉውን ቮልቴጅ ያገኛልና።

ከሐረር የሚመላለስ አንድ ዝምተኛ ልጅ ሀን መርጧል። ምክንያቱ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ፔዦውን ሲያስነሳ የፊት መብራቱ ይደክማል። ሞተር ማስነሻውም መብራቱም ከአንድ ባትሪ በፓራለል ነው የተያያዙት።»

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሦስቴ አነበብኩት። ሐረር ያሉትን አሮጌ ፔዦ ታክሲዎች የተሳፈረ ሁሉ አይቶታል፣ እኔም አይቼዋለሁ። ባትሪ የራሱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ አለው። ሞተር ማስነሻው ብዙ ከረንት ሲስብ ከቮልቴጁ ከፊሉ እዚያው ባትሪው ውስጥ ይቀራል፣ መብራቱም ይደክማል። ለሁለት ትንንሽ አምፖል ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ ለሞተር ማስነሻ ግን በደንብ ይታያል። የተሳሳተው ጥያቄዬ ነው። ያቺ የአንድ መስመር ምክንያት ባትኖር ልጁን ካልገባቸው ጋር ደምሬ አልፈው ነበር።

አሁን ጥያቄው «የባትሪው ቮልቴጅ አይቀንስም እንበል» በሚል ይጀምራል። ልጁንም ቮልት መለኪያ አውሼ ሐረር ሰደድኩት። ማክሰኞ ሁለት ቁጥር በእጁ መዳፍ ላይ ጽፎ መጣ፦ ሞተሩ ሳይነሳ 12.4፣ ሲነሳ 10.1።

«አባትህ ምን አለ?»

«‹ባትሪዬ ሊሞት ነው እንዴ?› ብሎ ደነገጠ፣ ቲቸር።»