ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ፦ ለአንድ የሆስፒታል ክንፍ ጄኔሬተር የመረጥኩበት መንገድ

ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል አዲስ ክንፍ ሲጨምር የኤሌክትሪክ ሥራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ክንፉ ሁለት የቀዶ ሕክምና ክፍሎች፣ ስድስት አልጋ ያለው የጽኑ ሕሙማን ክፍልና የራሱ የኦክስጅን ማምረቻ አለው። ለመጠባበቂያ 160 ኬቪኤ ጄኔሬተር ቀረበ። ስሌቱን አየሁት። ጠቅላላ ጭነቱ 120 ኪሎ ዋት ነው፤ የጄኔሬተሩ አቅም በ0.8 ፓወር ፋክተር 128 ኪሎ ዋት። ይበቃል ብዬ ፈረምኩ።

በርክክቡ ቀን ዋናውን ብሬከር አጠፋን። ሞተሩ በሰባት ሰከንድ ተነሳ። ጭነቱን ወደ ጄኔሬተሩ የሚያዞረው ቼንጅ ኦቨር ሲዘጋ መብራቱ ቦግ አለና ወዲያው ደበዘዘ። የፓናሉ ኮንታክተሮች ተንጫጩ፤ ይይዛሉ፣ ይለቃሉ። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ተትጎለጎለ። ፍሪኩዌንሲው ከ50 ወደ 43 ሄርዝ ወረደና ጄኔሬተሩ ራሱን አጠፋ። የጽኑ ሕሙማኑ ክፍል ዩፒኤስ በባትሪ እየጮኸ ቀረ። ደግነቱ ክፍሉ ገና ታካሚ አልገባበትም።

ማታ ቁጭ ብዬ ከአንድ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስህተት ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ብላ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ነዳጁን በሙሉ ማቃጠል ያቅተዋል። የጄኔሬተሩ ወረቀት ላይ ያለው 128 ኪሎ ዋት ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው። የፋብሪካውን የከፍታ ሠንጠረዥ ሳይ ለእኛ ቦታ 18 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ በእጃችን ያለው 105 ብቻ ነበር። ይህ ቅናሽ ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ በግምት ሳይሆን ከፋብሪካው ወረቀት ነው የሚወሰደው።

ከዚያ የሞተሮች መነሻ። የኦክስጅን ኮምፕሬሰሩ 22 ኪሎ ዋት ነው፤ ሲሠራ 42 አምፔር ገደማ ይስባል። በቀጥታ ሲነሳ ግን ለጥቂት ሰከንድ ሰባት እጥፍ፣ ወደ 290 አምፔር ይጠይቃል። በ400 ቮልት ሲሰላ 200 ኬቪኤ ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። 200ው ኬቪኤ የሚያርፈው ኤሌክትሪኩን በሚያመነጨው ክፍል፣ ኦልተርኔተሩ ላይ ነው፤ ቮልቴጁን ያወርደዋል። ሞተር ሲነሳ ፓወር ፋክተሩ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ 0.35 ገደማ፣ እውነተኛው ኃይል ወደ 70 ኪሎ ዋት ነው። ይሄኛው የሚያርፈው ናፍጣ ሞተሩ ላይ ነው፤ ፍጥነቱንና ፍሪኩዌንሲውን ይጎትተዋል። መብራት ሲደበዝዝ ስናይ ሁሉንም «አቅም አነሰ» እንላለን፤ ግን ችግሩ ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ካልታወቀ መድኃኒቱም አይታወቅም።

የቮልቴጁን መውደቅ በግርድፉ ለማወቅ የኦልተርኔተሩን ኬቪኤ ለትራንዚየንት ሪአክታንሱ፣ ማለትም ድንገተኛ ጭነት ሲመጣበት ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሚወርድ ለሚያሳየው ቁጥር፣ አካፍላለሁ። የእኛው 0.16 ነበር፤ 160 ለ0.16 ሲካፈል 1,000 ይመጣል። ኮምፕሬሰሩ ብቻውን ቢነሳ የራሱ 200 በ1,000ው ላይ ይደመራል፤ 200 ለ1,200 ሲካፈል 17 በመቶ ገደማ ይወድቃል። ያስኬዳል። በዚያ ቀን ግን ኮምፕሬሰሩ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ የቫኩም ፓምፑና የውኃ ፓምፑ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሱ። በድምሩ 480 ኬቪኤ ገደማ ሆነ፤ ቮልቴጁም በ32 በመቶ ወደቀ። ብዙ ኮንታክተሮች እዚያ ደረጃ ላይ መያዝ ያቅታቸዋል። ጫጫታው ከዚያ የመጣ ነው።

ጭሱም የራሱን ወሬ ይናገራል። ቱርቦ ያለው ሞተር ድንገት ሲጫንበት ነዳጁ ወዲያው ይገባል፤ አየሩ ግን ቱርቦው እስኪፈጥን ይዘገያል። ስለዚህ ሞተሩ በአንዴ የሚሸከመው ከሙሉ አቅሙ ያነሰ ነው። ለዚህ ከፍታ ፋብሪካው የሰጠን መልስ 50 በመቶ ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ መፍትሔ ጭነቱን በታይመር መከፋፈል ነበር። መብራት፣ ቀዶ ሕክምናና ጽኑ ሕሙማን በመጀመሪያ ይገባሉ፤ 35 ኪሎ ዋት ናቸው። የአሜሪካው ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ 110 ለእንዲህ ያለ ጭነት የሚሰጠውን የ10 ሰከንድ ገደብ ያዝን። ከዚያ በአምስት አምስት ሰከንድ ልዩነት ኮምፕሬሰሩ፣ ፓምፖቹ፣ ማቀዝቀዣው፣ በመጨረሻ ሊፍቱ። ትልቁን ሞተር ቀድሜ ያስገባሁት ገና ብዙ ጭነት ሳይኖር እንዲነሳ ነው።

ደስ ብሎኝ ዕቅዱን ለጣቢያው ኤሌክትሪሺያን አሳየሁት። ጋሼ ነው የምለው፤ ብዙ ዘመን ፓምፕና ኮምፕሬሰር የጠገነ ሰው ነው። ወረቀቱን አየና «ልጄ፣ ይሄ ኮምፕሬሰር እኮ ታንኩ ሲሞላ ይቆማል፤ ግፊቱ ሲወርድ ራሱ ይነሳል። ያን ጊዜ ታይመርህን ማን ይጠይቀዋል?» አለኝ።

ልክ ነበር። ታይመር የሚጠብቀው መብራት በሄደበት ቅጽበት ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር እየሠራ፣ አውቶክሌቩ እየጋለ፣ ኮምፕሬሰሩ በፕሬዠር ስዊች ይነሳል። ያን ጊዜ ሌላው ጭነት 96 ኪሎ ዋት ነው። በቀጥታ ቢነሳ 70 ይጨመራል፤ 166 ይሆናል። የጄኔሬተሩን መጠን የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው፤ ትልቁ ሞተር በሙሉ ጭነት ላይ፣ መጨረሻ ሲነሳ።

በቀጥታ ይነሳ ካልን ለዚህ ከፍታ ከ250 ኬቪኤ የሚበልጥ ያስፈልገን ነበር፤ 250ው እዚህ 164 ኪሎ ዋት ብቻ ነው የሚሰጠው። በጣም ትልቅ መግዛትም የራሱ ጣጣ አለው። ሌሊት ጭነታችን 35 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። ናፍጣ ሞተር ለረጅም ጊዜ ከ30 በመቶ በታች ሲሠራ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፤ ጭስ ማውጫው በጥቁር ዘይት ይርሳል። ስለዚህ ልዩነቱን ከፍለን 200 ኬቪኤ ወሰድን፤ እዚያ ቦታ ላይ 131 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ኮምፕሬሰሩን በስታር ዴልታ አደረግነው፤ ሞተሩ በስታር በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይነሳና ሲፈጥን ወደ ዴልታ፣ ወደ ሙሉ ቮልቴጅ ይዞራል። በስታር የመነሻው ከረንት አንድ ሦስተኛ ነው፤ 70ው ኪሎ ዋት ወደ 23 ይወርዳል። 96 ሲጨመር 119።

በስታር ጉልበቱም አንድ ሦስተኛ እንደሚሆን ግን በተግባር ተማርኩ። በመጀመሪያው ሙከራ ታይመሩ ሦስት ሰከንድ ላይ ነበር። ሞተሩ አቃሰተ፣ ግማሽ ፍጥነት እንኳ ሳይደርስ ወደ ዴልታ ዞረ፤ ክላምፕ ሜትሩ 260 አምፔር አሳየ። ከቀጥታ መነሻ ብዙም አይለይም። ጋሼ ጆሮውን ወደ ኮምፕሬሰሩ አስጠጋና «አየሩን አላስተነፈሰም» አለ። ሲቆም ግፊቱን የሚለቀው አንሎደር ቫልቭ ቆሽሾ ተጣብቋል። አጸዳነው፣ ታይመሩንም ስምንት ሰከንድ አደረግነው። ከዚያ ወዲህ ሲዞር ብዙም አይሰማም።

በመጨረሻው ሙከራ አውቶክሌቩን ጨምሮ ሁሉንም አበራንና የኮምፕሬሰሩን አየር ሆን ብለን ለቀቅነው። ሪከርደሩ የያዘው ዝቅተኛ 366 ቮልትና 48.1 ሄርዝ ነበር። በጄኔሬተሮች ዓለም አቀፍ መስፈርት በአይ.ኤስ.ኦ 8528 የጂ2 ደረጃ ጭነት ሲጨመር እስከ 20 በመቶ ቮልቴጅና 10 በመቶ ፍሪኩዌንሲ መውረድ ይፈቀዳል፤ የእኛ ከዚያ ብዙ ያነሰ ነው። ዩፒኤሱም ወደ ባትሪ አልሄደም። እኔ ይሄንን በተለይ ነበር የምጠብቀው፤ ፍሪኩዌንሲው ከወሰኑ ሲወጣ ዩፒኤስ የጄኔሬተሩን ኃይል አልቀበልም ይላልና።

በቅርቡ ሆስፒታሉ ሁለተኛ ኮምፕሬሰር አመጣ። በኢንተርሎክ አሰርናቸው፤ አንዱ በስታር ላይ እያለ ሌላው ትዕዛዝ ቢደርሰውም ይጠብቃል። ጄኔሬተሩ ላይ ስንሆን ደግሞ አንዱ ብቻ እንጂ ሁለቱ አብረው አይሠሩም።