«ሒሳቡን እንነጋገራለን»፦ ተጨማሪ ሥራን ከቃል ትእዛዝ እስከ ክፍያ ሰርተፍኬት ማድረስ

አሰሪው ሳይት ይመጣል፣ ፎርማኑን ይጠራና «እዚህ ጋ በብሎኬት ዝጋልኝ፣ ሒሳቡን እንነጋገራለን» ይላል። ፎርማኑም «እሺ ጋሼ» ብሎ ግንበኛ ይመድባል። ተጨማሪ ሥራ ባመዛኙ የሚጀመረው እንዲህ ነው፤ ክፍያው የሚጠፋውም እዚሁ ላይ ነው። እኔ በተቋራጭ በኩል የውልና የክፍያ ሥራ ስይዝ የምከተለውን መንገድ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ውሉ በፈረንጆቹ 1999 የወጣውን፣ የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ የሚባለውን የግንባታ ውል ቅጽ የተከተለ፣ የ48 ሚሊዮን ብር ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው እንበል። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ አቅልያቸዋለሁ። የእናንተ ውል ሌላ ቅጽ ከሆነ አንቀጹም ቀኑም ይለያያልና መጀመሪያ እሱን ክፈቱ። ለምሳሌ በ1987ቱ ፊዲክ የቃል ትእዛዝ ማረጋገጫው 7 ቀን ነው፣ በ1999ኙ ግን 2 የሥራ ቀን ብቻ።

ከሁሉ በፊት የማጣራው ማን እንዳዘዘ ነው። በዚህ ውል ለውጥ የሚያዘው አማካሪ መሐንዲሱ ነው። ባለቤቱ ሕንፃው የራሱ ቢሆንም ለፎርማኑ የተናገረው ነገር የለውጥ ትእዛዝ አይሆንም። በቴሌግራም የላከው ፎቶ ላይ በቀይ የተሰመረ መስመርም ያው ነው። ውሉ በኤሌክትሮኒክ የሚደረግ የጽሑፍ ልውውጥን የሚቀበለው በጨረታው አባሪ ላይ መንገዱ ከተጠቀሰ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከባለቤቱ ሲመጣ ለመሐንዲሱ «ባለቤቱ ይህን ጠይቀዋል፣ ትእዛዝዎን እንጠብቃለን» ብዬ እጽፋለሁ። መሐንዲሱ ራሱ ሳይት ላይ በቃል ካዘዘ ደግሞ አንቀጽ 3.3 ይጠቅመኛል፦ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ትእዛዙን በጽሑፍ አረጋግጬ ከላክሁና እሱም በ2 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ወይም ሌላ መመሪያ ካልሰጠ፣ የእኔ ደብዳቤ የእሱ የጽሑፍ ትእዛዝ ሆኖ ይቆጠራል። ዝምታው ለተቋራጩ የሚሠራበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ደብዳቤው አጭር ነው፦ «ትናንት በሳይት ጉብኝት ወቅት በቃል በሰጡን ትእዛዝ መሠረት በ3ኛና 4ኛ ፎቅ ላይ በድምሩ 60 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ቁመት ያለው ባለ 15 ሳንቲ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ እንድንሠራ መታዘዛችንን በአንቀጽ 3.3 መሠረት እናረጋግጣለን። ሥራው በአንቀጽ 13 መሠረት የውል ለውጥ በመሆኑ የዋጋና የጊዜ ዝርዝሩን ለብቻ እናቀርባለን።» ዋጋ እዚህ ላይ አልጽፍም። ብር ካየ መሐንዲሱ ስለ ብሩ መከራከር ይጀምርና ትእዛዙ ራሱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ግልባጩ ላይ የገቢ መዝገብ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም እስኪያርፍ ድረስ ደብዳቤው ደረሰ አልልም።

በዚያው ቀን የስትራክቸር ዲዛይነሩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ እጠይቃለሁ። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከነልስኑ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ7 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ሶሌታው ለዚያ ጭነት ካልተሰላ ግድግዳው በሌላ ቀላል ነገር መሠራት አለበት፣ ያኔ ዋጋውም ሌላ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 60 በ3 ሲባዛ 180 ካሬ ሜትር ግድግዳ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ግድግዳ ግን ሁለት ፊት አለው፦ 360 ካሬ ልስንና 360 ካሬ ቀለም ይከተላል።

ጠቡ ያለው ነጠላ ዋጋው ላይ ነው። ተቋራጩ የዛሬውን የገበያ ዋጋ ይፈልጋል፣ አማካሪው የቢኦኪውን፣ ማለትም በውሉ የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር ላይ የተጻፈውን ዋጋ ይዞ ይሟገታል። በአንቀጽ 12.3 መሠረት በቢኦኪው ላለ ሥራ በመጠን ለውጥ ምክንያት አዲስ ዋጋ የሚወጣው አራት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው፦ መጠኑ ከ10 በመቶ በላይ ሲለወጥ፣ ለውጡ በቢኦኪው ዋጋ ተባዝቶ ከውሉ ዋጋ 0.01 በመቶ ሲበልጥ፣ የመጠኑ ለውጥ በቀጥታ የአንዱን ካሬ ወጪ ከ1 በመቶ በላይ ሲለውጥ፣ እና ሥራው በውሉ «ቋሚ ዋጋ» ተብሎ ያልተመዘገበ ሲሆን።

ግድግዳው በቢኦኪው 640 ካሬ ነበር፤ 180 ሲጨመር 28 በመቶ ነው። በ900 ብር ሲባዛ 162,000 ብር ይሆናል፣ ገደቡ ግን 4,800 ብር ብቻ ነው። ሦስተኛው መስፈርት ማስረጃ ይፈልጋል። የ900 ብሩ ዝርዝር 520 ቁሳቁስ፣ 170 የሰው ጉልበት፣ 60 መሣሪያ፣ በእነዚህ ላይ 20 በመቶ ኦቨርሄድና ትርፍ ነው። በመጀመሪያው መጠን መሠረት ብሎኬቱ ተጠናቅቆ ማንሻው በፕሮግራሙ ቀን ወርዷል፤ ተጨማሪው ብሎኬት በሰው ትከሻ ወደ 3ኛና 4ኛ ፎቅ ስለሚወጣ ጉልበቱ በካሬ 75 ብር ይጨምራል። 750 የነበረው ቀጥተኛ ወጪ 825 ይሆናል፣ ከ20 በመቶው ጋር 990 ብር። ቁሳቁሱን አልነካሁትም፤ የሲሚንቶ መወደድ በዋጋ ማስተካከያው አንቀጽ የሚታይ ነው እንጂ እዚህ ብከተው አማካሪው ሙሉውን ዝርዝር ይጥልብኛል። አዲሱን ዋጋም የምጠይቀው ለ180ው ካሬ ብቻ ነው።

ልስኑ ግን በቢኦኪው 5,400 ካሬ ነበር፣ 360 ሲጨመር 6.7 በመቶ ነው። 10 በመቶ ስላልሞላ በነበረበት 400 ብር ይቀጥላል። ቀለሙም እንዲሁ በ160 ብር። ድምሩ 178,200፣ 144,000 እና 57,600፣ ማለትም 379,800 ብር ከቫት በፊት።

ዋጋው እስኪጸድቅ ሥራ ማቆም አይቻልም፣ ውሉ አይፈቅድም። ይልቁንም ዋጋው እስኪወሰን መሐንዲሱ ለወርሃዊው ሰርተፍኬት ጊዜያዊ ዋጋ እንዲያወጣ አንቀጽ 12.3 ራሱ ያዛል። ይህን የሚጠይቅ ተቋራጭ ጥቂት ነው። እኔ በ900 ብርም ቢሆን በዚያው ወር አስገባዋለሁ፣ የ90 ብሩ ልዩነት በኋላ ይመጣል። ከልስን በፊት ደግሞ ከተቆጣጣሪው ጋር ሜትር ይዘን እንለካለን፣ የበሩ ክፍተት ይቀነሳል፣ የልኬት መመዝገቢያው ቴክኦፍ ሺት ላይ ሁለታችንም እንፈርማለን። የቀድሞ ግድግዳ ማፍረስ ካለና መሐንዲሱ በዴይወርክ፣ ማለትም በዋለው ሰዓትና ቁሳቁስ ልክ በሚከፈልበት መንገድ እንዲሠራ ካዘዘ፣ የሠራተኛ ስም፣ ሙያና ሰዓት፣ መሣሪያና ቁሳቁስ በየቀኑ በሁለት ቅጂ ተሞልቶ ይሰጣል። የሳምንቱን ዓርብ ላይ አንድ ላይ መሙላት ለአማካሪው መሰረዣ ምክንያት መስጠት ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ለብቻው ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ጉዳዩን ባወቅን በ28 ቀን ውስጥ የአንቀጽ 20.1 ማስታወቂያ ካልገባ የማራዘም መብቱ ይቀራል፤ ዝርዝሩ በ42 ቀን ውስጥ ይከተላል። ግንበኞቹ በቀን 15 ካሬ ቢሠሩ ግድግዳው ብቻ 12 የሥራ ቀን ይወስዳል፣ ቀለም ቀቢዎቹም ከኋላ ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ የማስረከቢያው ቀን በ14 ቀን እንደሚገፋ በፕሮግራሙ ላይ አሳያለሁ። አማካሪዎች ብሩን ፈርመው «ጊዜውን በኋላ እናየዋለን» ማለት ይወዳሉ። በዚህ ውል የመዘግየት ቅጣቱ በቀን 0.1 በመቶ፣ ማለትም 48,000 ብር ነው። 14 ቀን ሳይራዘም ቢቀር ቅጣቱ 672,000 ብር ይሆናል፣ ተጨማሪ ሥራው በሙሉ ግን 379,800 ነበር።