የራውተሬን ቻናል ከ40 ወደ 20 ሳጠበው ያየሁት

ራውተር መነካካት ለምትወዱ፣ ሰሞኑን የሞከርኩትን ላካፍላችሁ። ጉዳዩ `Channel Width` የምትለዋ ሴቲንግ ናት፤ ዋይፋዩ ከአየሩ ላይ የሚይዘውን ስፋት የምትወስነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ምርጫ 20 ሜጋኸርዝ፣ 40 ሜጋኸርዝ ወይም `Auto` ነው። ብዙ ሰው 40ን ይመርጣል፤ ስፋቱ እጥፍ ከሆነ ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል ብሎ። በወረቀት ላይ እውነቱን ነው። ሁለት አንቴና ያለው ዋይፋይ 4 መሣሪያ በ20 እስከ 144፣ በ40 ደግሞ እስከ 300 ሜጋቢት በሰከንድ ይገናኛል።

እኔ የምኖረው ግን ብዙ ቤት ባለበት ፎቅ ውስጥ ነው። የዋይፋይ መቃኛ አፕ ስከፍት ቻናል 1፣ 6 እና 11 ላይ የጎረቤት ኔትወርክ ተደራርቦ ይታያል። የኔ ራውተር የተቀመጠው ቻናል 1 ላይ ነው፣ በ40።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ አለ። በዚህ ባንድ ከአንዱ የቻናል ቁጥር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። አንድ ቻናል ግን 20 ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቀመጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ቻናል 1 በ20 ሲሆን ከ2402 እስከ 2422 ሜጋኸርዝ ይሸፍናል። 40 ሲደረግ ራውተሩ ቻናል 5ን ይጨምርና እስከ 2442 ይዘረጋል። ቻናል 6 ደግሞ 2427 ላይ ይጀምራል። እንግዲህ 40 ስል የቻናል 1 ጎረቤቶቼ ላይ የቻናል 6ቱንም ጨመርኩ ማለት ነው።

ይሄ ለምን ይጎዳል? ዋይፋይ ከመላኩ በፊት ያዳምጣል። አየሩ ከተያዘ ይጠብቃል። 40 የሚፈልግ ራውተር አጠገብ ላጠገብ ካልተቀመጥን እንደሚሉ ሁለት ሰዎች ነው፤ አንድ ወንበር ቢለቀቅም ሁለተኛው እስኪለቀቅ ይቆማሉ፣ ወይም ተስፋ ቆርጠው ባለው ይብቃቃሉ። ራውተሩም ወይ ይጠብቃል ወይ ለዚያች ቅጽበት በ20 ይልካል። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ቻናል 5 እና 6 የሚደራረቡት በከፊል ስለሆነ አንዱ የሌላውን መልእክት ማንበብ አይችልም፤ ጫጫታ ብቻ ነው የሚሰማው። ጫጫታው ደካማ ከሆነ ባዶ ነው ብሎ ይልካል፣ መረጃው ይጋጫል፣ እንደገና ይላካል።

ልኬቱን በኢንተርኔት ስፒድ ቴስት አልሠራሁም፤ መስመሩ ራሱ ሲዋዥቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም። `iperf3` በሚባል የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ነው የለካሁት። አንድ ኮምፒውተር በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘሁና በመጀመሪያው ትእዛዝ እንዲጠብቅ አደረግኩ። ሁለተኛውን በዋይፋይ ካለው ላፕቶፕ ላይ አስኬድኩ።

```
iperf3 -s
iperf3 -c 192.168.1.50 -t 60 -R
```

አድራሻው የባለኬብሉ ኮምፒውተር ነው፤ በራሳችሁ ቀይሩት።

ማታ፣ ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ በሚያይበት ሰዓት፣ በ40 ላፕቶፑ 300 ተገናኝቻለሁ ይላል። በልኬቱ የሚያልፈው ግን አንዴ 70 ሜጋቢት በሰከንድ ይሆናል፣ ወዲያው ወደ 15 ይወርዳል። ራውተሩን ብቻ ፒንግ ሳደርግ እንኳን ከ3 ሚሊሰከንድ ተነስቶ ከ150 በላይ ይዘላል። ወደ 20 ስመልሰው ላፕቶፑ 144 አለ፤ ልኬቱ ግን 50 አካባቢ ረጋ፣ ፒንጉም መዝለሉን በጣም ቀነሰ። የቪዲዮ ስብሰባ ለሚያደርግ ሰው ከላይኛው ቁጥር ይልቅ ይሄ እርጋታ ይበልጣል።

ደስ ያለኝ ግን ሌሊት የለካሁት ነው። ጎረቤት ሁሉ ከተኛ በኋላ 40 በግልጽ አሸነፈ። ያው ራውተር፣ ያው ላፕቶፕ፣ ያው ክፍል። የተለወጠው የጎረቤቶቹ አጠቃቀም ብቻ ነው።

`Auto` ስለሚለው፦ በደንቡ ጎረቤት ሲሰማ ወደ 20 መመለስ አለበት። አንዳንድ ራውተር ላይ ግን `20/40 Coexistence` የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ከጠፋ 40 ላይ ድርቅ ይላል። መለያው ቀላል ነው። እንደኔው ዓይነት መሣሪያ ካላችሁ፣ የተገናኛችሁበት ፍጥነት ከ144 በላይ ካለ 40 ላይ ናችሁ።

5 ጊጋኸርዝ ሰፊ ስለሆነ ያን ያህል አያስጨንቅም። ሆኖም ስፋቱን 80 ስታደርጉ ከቻናል 36 እስከ 48 ያለውን ሁሉ ትይዛላችሁ፣ ብዙ ራውተርም እዚያው ነው የሚሰፍረው። እኔ ስፋቱን 40 አድርጌ ቻናል 44 ላይ አስቀመጥኩት፤ ቻናል 36 እና ቻናል 40 ለሌላ ሰው ተረፉ። ሁለት አንቴና ባለው ዋይፋይ 5 ከ866 ወደ 400 መውረድ ነው፣ ግን የኢንተርኔት መስመሬ ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ አልጎደለብኝም። ያልጠበቅኩት ጥቅም ከግድግዳ ጀርባ ባለው ክፍል ታየ። ስፋት በእጥፍ ሲጨምር ያው ጉልበት በሰፊ ቦታ ላይ ይሳሳል፣ የሚሰበሰበው ጫጫታም በ3 ዴሲቤል ያድጋል። ራውተሩ አጠገብ ይሄ አይታወቅም። ሲግናል በሚደክምበት ጥግ ግን ይታወቃል፤ እዚያ ድሮ ይቆራረጥ የነበረው ጥሪ አሁን ይያዛል።

160ን ገና አልነካሁትም። ከቻናል 36 እስከ 64 ስለሚዘረጋ ራዳርም የሚጠቀምባቸው ቻናሎች ውስጥ ይገባል፤ ራውተሩ እዚያ መላክ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት፣ ራዳር ከሰማም ለቅቆ ይወጣል። የሞከራችሁ ካላችሁ በተለይ የማታውን ልኬት ንገሩኝ።