86 ነጥብ 4

መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። አጠገቤ ሚዛኑን አስፋልት ዳር አስቀምጦ የተቀመጠ ልጅ "ጋሼ፣ ኪሎዎትን ይወቁ" አለኝ። ልቤ ሙሉ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሻይ ያለ ስኳር ጠጥቻለሁ፣ ቀላል መስዋዕትነት አይደለም። ጫማዬን አወለቅኩ። ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ መቀደዱ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፤ ግን አንዴ ሚዛኑ ላይ ወጥቻለሁ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ቀና አለና እንደ ሎተሪ አዟሪ ጮኸ።

"86 ነጥብ 4!"

ሰልፈኛው ዞረ። ከእኔ ኋላ የነበሩ አንዲት እናት "ተመችቶሃል ልጄ" አሉኝ፣ ሊያጽናኑኝ። ከሁለት ወር በፊት 83 ነበርኩ።

86 ማለቱን እሺ። ነጥብ 4 ምን አስፈለገው? ሰፈራችን ያለው ሽንኩርት ሻጭ አንድ ኪሎ ብሎ ሲሰጠኝ ቤት ወስጄ ስመዝነው ነጥብ 8 ነው። ሥጋ ቤቱ አጥንቱን ከነነጥቡ ነው የሚሸጥልኝ። በዚህ ከተማ አንድ ታማኝ ሚዛን ቢገኝ፣ እሱም የኔን ቦርጭ ሊመዝን ተገኘ።

በዚህም አላበቃም። ታክሲው መጣ። ወያላው ሁሉን ሰምቶ ኖሯል፤ "ጋሼ 86 ነጥብ 4 ከፊት ይግቡ፣ ከኋላ አራት ነው የምንጭነው" አለ። ሲኤምሲ ጋ ስንደርስ ደግሞ "86 ነጥብ 4፣ ወራጅ ነዎት?" ነበርኩ። ግን አልወረድኩም፤ አንድ ፌርማታ አልፌ በእግሬ ተመለስኩ።

በቀጥታ የሄድኩት ታላቅ እህቴ ቤት ነው። እሷ በትእዛዝ ኬክ ትጋግራለች፤ ግራም በግራም የምትለካበት ሚዛን አላት። ስኳር ትቼ እንዴት እጨምራለሁ ብዬ አለቀስኩባት።

"በስኳሩ ፋንታ ምን ትበላለህ?" አለች።

"ምንም። ተምር ብቻ። ፍራፍሬ ነው።"

የተምሩ ነገር እንዲህ ነው። ረመዳን ላይ ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በሦስት ፍሬ ተምር ታፈጥር ነበር። ለኔም ሦስት ሰጠችኝ። ካርቶኑ ላይ "ስኳር ያልተጨመረበት" ይላል። ወደድኩት። የራሴን ካርቶን ገዝቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁ። ረመዳን አለቀ፣ የኔ ኢፍጣር ግን እስካሁን አላለቀም። በቀን አሥር ፍሬ።

እህቴ ከቦርሳዬ ውስጥ የተረፉትን አወጣች። (አዎ፣ ቦርሳዬም ውስጥ ነበሩ።) ትልልቆቹ ናቸው፣ ያ ቡናማና ለስላሳው ዓይነት። የውስጡን ፍሬ አውጥታ አንዱን መዘነችው፤ 24 ግራም። ከዚያ የካርቶኑን ጀርባ እንዳነብ አዘዘችኝ። በ100 ግራም 277 ካሎሪ። ስለዚህ አንዱ 66 ገደማ፣ አሥሩ 660።

"ስኳሩን ስትተው ስንት አተረፍክ?"

በቀን ሦስት ሻይ፣ በሻይ ሁለት የሻይ ማንኪያ። አንዱ ማንኪያ 16 ካሎሪ ቢሆን፣ በጠቅላላው 100 አይሞላም። በፊት በር 100 አስወጥቼ በጓሮ 660 ሳስገባ ኖሬያለሁ።

"ያልተጨመረበት ነው እኮ የሚለው" ብዬ ተከራከርኩ።

"ምን ይጨምሩበታል? ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ስኳር ነው" አለች።

ከዚያ ብርቱካን አቀረበችልኝ። ተልጦ 130 ግራም ገደማ የሚመዝን አንድ ብርቱካን 60 ካሎሪ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ማለትም አንድ ተምር አንድ ብርቱካን ማለት ነው። አሥር ተምር አሥር ብርቱካን። እስቲ አስቡት፣ አለቃዬ ፊት ዴስኬ ላይ አሥር ብርቱካን ስልጥ። አራተኛው ላይ ሆዴ "በቃኝ" ይላል፣ ስድስተኛው ላይ የሰው ኃይል ክፍል ይጠራኛል። አሥሩን ተምር ግን ኢሜይል እየመለስኩ ነው የምጨርሰው። የውስጥ ፍሬዎቹን በወረቀት ጠቅልዬ ስለምጥል ማስረጃ እንኳ የለም።

ልዩነቱ ውሃ ነው። ይህንን ያሳየችኝ በወይንና በዘቢብ ነው። 100 ግራም ወይን ውስጥ 81 ግራሙ ውሃ ነው። ውሃ ይመዝናል፣ ሆድም ይሞላል፣ ካሎሪ ግን የለውም። ካሎሪው ያለው በቀሪው ላይ ነው፤ እሱም በአብዛኛው ስኳር ስለሆነ በግራም 4 ያህል ይሰጣል። ድምሩ 70 ገደማ። ወይኑን ፀሐይ ላይ ስታሰጡት ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ነው፤ ስኳሩን አትነካውም። 100 ግራም ዘቢብ ውስጥ የሚቀረው ውሃ 15 ግራም ብቻ ነው። እሱን ለማግኘት 450 ግራም ያህል ወይን መድረቅ አለበት። የዚያ ሁሉ ወይን ካሎሪ፣ 300 ገደማ፣ አንድ እፍኝ ውስጥ ተጨናንቆ ይቀመጣል። ማንም አልጨመረበትም። ዕቃው ያው፣ ሻንጣው ግን አነሰ።

"ተምር ግን የደረቀ አይደለም፣ ለስላሳ ነው" አልኳት። የመጨረሻ ካርታዬ ነበር።

እሱም ዛፉ ላይ እንዳለ ውሃውን የሚያጣ ፍሬ ነው አለችኝ። ዓረቦቹ ለየደረጃው ስም አላቸው፤ ገና ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ ሲጠነክር ኸላል፣ ሲለሰልስ ሩጠብ፣ ውሃው ሲጎድል ተምር። እኛ የወሰድነው የመጨረሻውን ስም ነው። የኔ ለስላሳ ተምር ውስጥ ያለው ውሃ 21 ከመቶ ነው። ልስላሴው አታሎኛል።

ማታውን 50 ግራም ዘቢብ ውሃ ውስጥ ነከረች፤ የቤተክርስቲያኑ ዘቢብ ተነክሮ ሲጨመቅ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ጠዋት አጥልላ ስትመዝነው 80 ገደማ ሆኗል። አንዱን ቀመስኩ። ተነፋ እንጂ ወይን አልሆነም። "አየህ" አለች፣ "ጨመረ፣ ግን ካሎሪው አልጨመረም። እንዲያውም ትንሽ ስኳር ውሃው ውስጥ ቀርቷል።" ውሃውን ቀመስኩት፣ እውነትም ይጣፍጣል። ጠጣሁት። እጄን መታችኝ።

ጨርሶ አትብላ አላለችኝም። አሰር አለው፣ ፖታሲየም አለው፣ ሮጦ ለመጣ ሰው ጥሩ ነው አለች። እኔ የምሮጠው ታክሲ ለመያዝ ብቻ ነው። ፈረደችብኝ፤ ሦስት ፍሬ፣ ልክ እንደ ቢሮ ጎረቤቴ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ጾማ ሦስት፣ እኔ ቁርሴን በልቼ አሥር። ይህንን ስነግራት ልጅቷ ሳቀችና ካርቶኑን ከመሳቢያዬ አውጥታ የራሷ ውስጥ ቆለፈችበት። አሁን በቀን ሦስት ታወጣልኛለች፣ እንደ ዕርዳታ ስንዴ።

ከአንድ ወር በኋላ ፋርማሲ ገብቼ ተመዘንኩ፤ እዚያ ማንም አይጮህም። 85 ነጥብ 1።

ትናንት መገናኛ ሰልፉ እስከ ድልድዩ ነበር። ያው ወያላ ከሩቅ አየኝ። "86 ነጥብ 4! ይምጡ፣ ከፊት ባዶ ነው!" ሰልፈኛው በሙሉ ዞረ። "85 ነጥብ 1" ብዬ ላርመው አፌን ከፈትኩ። ወንበሩን አየሁት። ዝም ብዬ ገባሁ።