ሰባት ድረስ መቁጠር አቃተኝ

ውሃ ዛሬ ማታ መጣች። ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ አራተኛ ፎቅ ከሆናችሁ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው ጠብ ማለት የምትጀምረው። ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ከትቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ዛሬ ድብር ብሎኛል። ምክንያቱን አላጣሁትም፣ ቀን ላይ ትልቋ አክስቴ ደውላ ነበር።

«የካቲት ስንት ይሞላሻል?» አለችኝ። እያወቀች እኮ ነው። 30 ነዋ! እሷ በዚህ ዕድሜዋ አራት ልጅ ነበራት፣ ይሄንንም አልደበቀችኝም። ስሌቱን ጨርሳዋለች፣ ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ ካልተደገሰ ሁዳዴ ይገባል፣ ሁዳዴ ከገባ 55 ቀን ሰርግ የሚባል ነገር የለም፣ ፋሲካ እስኪደርስ ደግሞ እኔ 30 አልፌያለሁ። ስለዚህ ሽማግሌ አሁኑኑ ይምጣ። «የነቢያት ጾም ሊገባ ነው» ብዬ ለማምለጥ ብሞክር «ሽማግሌ ክትፎ ሊበላ ነው እንዴ የሚመጣው፣ ቆሎ አለ» አለችኝ።

የሽማግሌ ነገር እኔን የሚያስፈራኝ ከእህቴ ጊዜ ጀምሮ ነው። እሁድ ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ቆሙ። አባዬ ኮስተር ብሎ «ዘመድ ላማክር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አላቸው። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ እውነት የሚያማክር መስሎኝ ነበር፣ እማ ግን በማግስቱ ጌሾ ስታስወቅጥ አየኋት። ያቺ ሁለት ሳምንት ለወጉ እንጂ ለእህቴ የተሰጠች አልነበረችም። በመሃል ሀሳቧን ብትቀይር ሽማግሌ ያዋረደች ይሏታል እንጂ ማን ይሰማታል? ስለዚህ የምትጠይቂውን መጠየቅ ያለብሽ ሰዎቹ በር ላይ ሳይቆሙ በፊት ነው።

እኔም ፍቅረኛዬን ጠየቅኩት፣ ባለፈው ቅዳሜ፣ ሜክሲኮ። (እሱ ቡራዩ፣ እኔ እዚህ፣ ከተማው በሁለት ጫፍ ይዞን ሦስት ዓመት ሙሉ መሃል ላይ ማኪያቶ ስንጠጣ ነው የኖርነው። ሰኞ ማታ ከስራ ደክሞት ሲገባ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ተናዶ አይቼው አላውቅም፣ ለመናደድ እንኳን ጊዜ የለንም፣ ታክሲ ሰልፍ አለ።) «ቤት እየወተወቱኝ ነው፣ አንተስ ምን ታስባለህ?» ስለው «እኔማ ደስ ይለኛል» አለ።

እኔማ። ያቺ «ማ» ገደለችኝ። «ደስ ይለኛል» ቢል በቃ ነበር። «እኔማ» ሲል ግን የሆነ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፣ ደስ የማይለው። እናቱ ናት? ወይስ እኔን ነው፣ እኔማ ደስ ይለኛል አንቺ ነሽ እንጂ ማለቱ ነው? መልሼ ብጠይቀው ኖሮ ያልቅ ነበር፣ እኔ ግን ሂሳብ ከፍዬ ታክሲ ተሳፈርኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ አንዲት ፊደል ሳላምጥ ከረምኩ። ከወደድኩት ለምን አልጠየቅኩትም? ካልወደድኩት ደግሞ ለምን እንቅልፍ አጣሁ?

ይሄን ሳስብ ነው ዘር ቆጠራ ትዝ ያለኝ። ሽማግሌ ከመጣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል አይደል፣ ሕጉ እህትና ወንድም፣ አጎትና አክስት ይላል እንጂ ሰባት ድረስ አይሄድም፣ እኛ ቤት ግን ከሕጉ ይልቅ አያቴ ናት የምትፈራው። እና ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አሁን፣ በዚህ ሌሊት፣ ብንዛመድስ? አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ተስፋ ነገር ተሰማኝ። ዘመድ ከሆንን እኮ ማንም ጥፋተኛ ሳይሆን ያልቃል፣ «ማ»ውም አብሮ ይቀራል።

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ፣ ከዛ አንድ ስሙ በ«ወልደ» የሚጀምር ሰውዬ፣ አራት ላይ ቆምኩ። በእናቴ በኩልማ ሦስትም አልሞላልኝ። ስልኬን አንስቼ እማ ጋ ደወልኩ፣ ሰዓቱን እንኳን አላየሁም።

«እማ፣ የአባዬ አያት አባት ማን ነበር የሚባለው?»

ዝም አለች። ሰው የሞተ መስሏት ደንግጣ ነው ያነሳችው ለካ። ከዛ ቀስ ብላ «ለምን ፈለግሽው የኔ ልጅ?» አለች። እኔ ደደቧ «ዘር ልቆጥር ብዬ» አልኩ።

እልልታውን ጎረቤቶቿ ሁሉ ሳይሰሙት አይቀሩም። ከኋላ አባዬ «ምንድነው? ምንድነው?» ሲል ይሰማኛል፣ እሷ ደግሞ «ተነስ፣ የአያትህን አባት ስም ንገራት!» ትላለች። ላስተባብል አፌን ስከፍት እግሬ ስር ቀዘቀዘኝ፣ ለካ በርሜሉ ሞልቶ ሳሎን ደርሷል።

ይሄው መወልወያ ይዤ እየጻፍኩ ነው። አክስቴ ሁለቴ ደውላለች፣ አላነሳሁም። አባዬ ሰባቱንም ስም በቴክስት ልኮልኛል፣ ተራ ቁጥር ሰጥቶ። እሱ ጋ ፎርዋርድ ላድርገው እንዴ?