ሞቲቬሽን ሌተሬን ከአስተካካዩ እጅ እንዴት እንዳተረፍኩት

ለጀርመኑ የዳድ ስኮላርሺፕ ነው ያመለከትኩት። ትራንስክሪፕት፣ በዩሮፓስ ፎርም የተሞላ ሲቪ፣ የመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ፤ እነዚህ ያለ ብዙ ጣጣ አለቁ። መከራዬን ያየሁት በሞቲቬሽን ሌተሩ ነው።

ያኔ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ነበርኩ። ረቂቄ የሚጀምረው ከአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ነበር። ብዙ ተገፍቶ ትንሽ ውሃ ከወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ያለቀው ዩ-ሲል የሚባለው ትንሹ ጎማ ነው። መቀየሩ ከባድ አይደለም። ችግሩ ጎማው ወረዳው ውስጥ አይገኝም። ጉድጓዱ ውሃ እያለው ሰው ወንዝ ይወርዳል። ማጥናት የፈለግኩትም ይህንኑ የመለዋወጫ አቅርቦት ነው።

እንግሊዝኛው መታረም ስለነበረበት፣ ደብዳቤ አስተካክላለሁ ለሚል ሰው ከፍዬ ሰጠሁት። ሰዋስውን ብቻ እይልኝ ብዬው ነበር። ሲመልስልኝ ፓምፑ የለም። ጎማውም የለም። በቦታው «ከልጅነቴ ጀምሮ ለዘላቂ ልማት ባለኝ ጥልቅ ፍቅር» የሚል መግቢያ ተቀምጧል። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የባሰው ሌላ ነው። «ከጥገና ቡድኑ ጋር ሠርቻለሁ» ያልኩትን «ቡድኑን መርቻለሁ» አድርጎታል። አለቃዬ የጻፈልኝ የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ የቡድኑ አባል ነው ይላል። ሁለቱም ወረቀቶች የሚገቡት አንድ ማመልከቻ ውስጥ ነው። አንባቢው ሁለቱን ሲያይ ምን ይለኛል? ደውዬ ስጠይቀው «እነሱ እንዲህ ነው የሚወዱት፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው» አለኝ። ሁሉም እንዲህ ከጻፈማ እኔን በምን ይለዩኛል?

የእሱን ትቼ ወደ ረቂቄ ተመለስኩ። እንግሊዝኛ የምታስተምር ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ በእርሳስ ታሰምራለች። የሚያርመው ግን የእኔ እጅ ብቻ ነው። «አይ አም ወርኪንግ ሲንስ» ያልኩት «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሲንስ» ሆነ። «ዲስከስ አባውት» ላይ ያለችው «አባውት» ወጣች። ያለቦታው የገባ «ዘ» ተለቀመ። ሳነብ ትንፋሽ ያጠረኝ ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ሰበርነው። ፓምፑ መግቢያው ላይ ቀረ። ያስገባሁት ይህንን ነው፤ ተቀበሉኝ፣ ዛሬም እኮራበታለሁ።

በየስልጠናው «ከበድ ያለ ቃል ተጠቀሙ» ይባላል። አትስሙ። ለአንድ ሰው በአፋችሁ ስትነግሩት የማትሉትን ቃል አውጡት። መመሪያው ሁለት ገጽ ስለፈቀደም ሁለት ገጽ መሙላት የለባችሁም።

ከማስገባታችሁ በፊት ሲቪውን፣ የድጋፍ ደብዳቤውንና ሞቲቬሽን ሌተሩን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ቀኖቹን አስተያዩ። መሥሪያ ቤት በእኛ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። መስከረም 2010 በፈረንጅ 2017 ነው፤ ጥር 2010 ግን 2018 ነው። በጅምላ ሰባት ዓመት የሚደምር ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከዚያ ቀን ጽፋችሁ፣ በእጃችሁ ፈርማችሁ ስካን አድርጉት።