ራውተሩ ሳይጠፋ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ፦ ከአዳፕተሩ እስከ ትንሿ ባትሪ

ጅማ ላይ ማምሻውን የየቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል። ኢንተርኔቱም በዚያው ሰዓት ይንቀራፈፋል፤ የራውተሩ መብራቶች ግን እንደበሩ ናቸው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የመስመሩ ይመስላል። ይህን ለመለየት ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ ፒንግ አደረግሁ (አድራሻው እንደየራውተሩ ይለያያል)።

```
ping -t 192.168.1.1
```

በኬብል የሚመጣ መልስ 1 ወይም 2 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ነው። ምሽት ላይ ግን መዘግየት፣ አልፎ አልፎም መቅረት ጀመረ። ችግሩ ከቤት ሳይወጣ ተገኘ ማለት ነው። በራውተሩ ገጽ ላይ Uptime የሚለው፣ ራውተሩ ከተነሳ የቆየበትን ጊዜ የሚያሳየው ቁጥርም በየቀኑ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር፤ ማንም ሳያየው ጠፍቶ ይነሳል።

ጤነኛ አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል፣ መብራቱ ስለወረደ ብቻ አይደናገጥም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚከተለው ድንገተኛ ጭማሪና የቆየ ሙቀት ግን ውስጡ ያሉትን ካፓሲተሮች ያደክማቸዋል። የደከመ አዳፕተር ደግሞ ትንሽ መውረድ ይበቃዋል። ባለ ሁለት አፍ የዲሲ ገመድ አስገብቼ ራውተሩ እየሠራ በቴስተር ስለካው፣ 12 ቮልት የተጻፈበት አዳፕተር 10.6 ሰጠ። ቴስተር አማካዩን ስለሚያሳይ ቅጽበታዊው መውረድ ከዚህም ይብሳል። ያለ ጭነት መለካት ግን ዋጋ የለውም፤ ያኔ 12.1 ነበር።

ከዚያ መብራት ሲጠፋ ራውተሩን በባትሪ የሚያቆየውን ሚኒ ዩፒኤስ ገዛሁ፤ በላዩ 8800 ሚሊአምፔር ሰዓት ይላል። ይህ በ3.7 ቮልት የተሰላ ነው፦ 8.8 በ3.7 ሲባዛ 32.6 ዋት ሰዓት ገደማ። ወደ 12 ቮልት ሲቀየር ከሚባክነው በኋላ 27 ይቀራል ብንል፣ 7 ዋት ለሚበላ ራውተር ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ነው። መለያው እውነት ከሆነ! ቤቱ በፋይበር ከሆነ የፋይበሩ ሳጥንም አብሮ ይሰካና ሰዓቱ ያጥራል።

የተሳሳትኩት ዩፒኤሱን በአሮጌው 1 አምፔር አዳፕተር መመገቤ ላይ ነው። ባትሪው ባዶ ሆኖ መብራት ሲመጣ ራውተሩም ባትሪውም በአንዴ ይጠባሉ፤ አዳፕተሩ አይችልም፣ ራውተሩ እየጠፋ ይነሳል። ባለ 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር ሲተካ ቆመ። የሶኬቱ ጫፍም ይታይ፤ 2.5 ሚሊሜትር ጫፍ 2.1 ሚሊሜትር እሾህ ላይ ይገባል፣ ግን ይላላና በነካኩት ቁጥር ያጠፋል። ዩፒኤሱ ራውተሩ ላይ መቀመጥም የለበትም፤ ሙቀት የባትሪ ጠላት ነው።

መብረቅን ግን ይህ ሁሉ አይመልስም። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲጉረመርም አዳፕተሩንም የስልክ መስመሩንም ነቅዬ እተኛለሁ።